ጠቡ የእኛ፣ ጥይቱ የእነሱ፦ ቀዝቃዛው ጦርነት ኦጋዴን ላይ ምን ሠራ?

አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ፣ የትግላችን ሐውልት ቆሟል። አብዛኞቻችን በታክሲ ስናልፍ ጫፉ ላይ ያለችውን ቀይ ኮከብ ቀና ብለን አይተን እንቀጥላለን። ግቢው ውስጥ ገብቶ የቆየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል። እዚያ ምስላቸው ከተቀመጠው ሰዎች መካከል የኩባ ወታደሮች አሉ። ሐውልቱ የተሠራው ለእነሱም ጭምር ነው።

ከካሪቢያን ባሕር የመጣ ወጣት ሐረር አጠገብ ምን ሊሠራ መጥቶ ሞተ? እሱ የተዋጋው የሶማሊያ ጦር ደግሞ የያዘው የሶቪየት ታንክ ነበር። ኩባዊውም የሚነዳው የሶቪየት ታንክ ነው። ኢትዮጵያዊው አብራሪ በዚያው ሰሞን ከላይ የሚበርረው በአሜሪካ ኤፍ-5 ነው። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር ተኳርፋለች። ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ይህን ግራ መጋባት የፈታ ሰው ግን ቀዝቃዛው ጦርነት በድሃ አገሮች ላይ እንዴት ይሠራ እንደነበር አብዛኛውን ነገር ገብቶታል ማለት ነው።

መነሻው ቀላል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ዓለምን ለሁለት ተካፈሉ። ሁለቱም የኑክሌር ቦምብ ስላላቸው ፊት ለፊት መዋጋት ለሁለቱም መጥፋት ነው። ስለዚህ ፉክክራቸውን ወደ ሌላ ሰው ደጅ ወሰዱት። ኮሪያ፣ ቬትናም፣ አንጎላ፣ አፍጋኒስታን። ይህን ነው የውክልና ጦርነት የምንለው።

ቃሉ ዛሬ በጣም ረክሷል። ፌስቡክ ላይ አንድ ግጭት ሲነሳ ገና ሳይውል ሳያድር «ይህ የውክልና ጦርነት ነው» የሚል አይጠፋም። ቃሉ ውስጥ ግን አንድ አሳሳች ነገር አለ። የሚዋጉት ሰዎች የራሳቸው ጉዳይ የሌላቸው፣ ዝም ብለው የተላኩ ያስመስላቸዋል። የኦጋዴን ጦርነት ይህን ሐሳብ ያፈርሳል። ለዚህ ነው የመረጥኩት። (ዓመተ ምሕረቶቹን በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጠቡ ከሁለቱ ኃያላን ፉክክር በፊት የነበረ ነው። ሶማሊያ በ1952 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ባንዲራዋ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነበር። ሁለቱ ጫፎች ተዋሕደው አገሪቱን የመሠረቷት የእንግሊዝና የጣሊያን ሶማሊያዎች ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ገና ያልተገኙ ናቸው፤ ጅቡቲ፣ የኬንያ ሰሜን ምሥራቅና ኦጋዴን። እዚያ የሚኖረው ሕዝብ በቋንቋም በሃይማኖትም ሶማሌ ነው፤ ድንበሩን ያሰመሩት ደግሞ የቅኝ ገዢዎችና የምኒልክ መንግሥት ናቸው። ለሞቃዲሾ ይህ ያልተከፈለ ዕዳ ነበር። ለአዲስ አበባ ግን አገር መቁረስ ነው። ይህን ጠብ ዋሽንግተን አልፈጠረችውም፤ ሞስኮም አልፈጠረችውም።

እነሱ ያመጡት መሣሪያውን ነው።

ኢትዮጵያ ቀድማ ደንበኛ ያዘች። ግንቦት 1945 ዓ.ም. ላይ ከአሜሪካ ጋር ሁለት ውሎች ተፈራረመች። በአንዱ አሜሪካ አስመራ ላይ ያለውን የሬዲዮ ጣቢያ ለ25 ዓመት ትጠቀማለች። በሌላው ለኢትዮጵያ ጦር መሣሪያና ሥልጠና ትሰጣለች። ጣቢያው ቃኘው ይባላል፤ ስሙ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። አስመራ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ለምድር ወገብም ቀረብ ብላ ስለተቀመጠች የሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ ጥርት ብሎ ይገባላታል። አሜሪካኖች ከዚያ ሆነው የሩቅ አገር መልእክት ይጠልፋሉ፣ የራሳቸውንም ያስተላልፋሉ። ለዚህ ቦታ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ወደ 280 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ወታደራዊ እርዳታ ሰጡ። በጊዜው ከሰሐራ በታች እንዲህ ያለ እርዳታ ያገኘ አገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አሜሪካ የምትከፍለው ለኦጋዴን ብላ አይደለም። የምትከፍለው ለአንቴና ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መሣሪያውን የሚፈልጉት ለሶማሊያና ለኤርትራ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው የፈረሙት። እንዲህ ዓይነት ውል የሚጸናው አንቴናው እስካስፈለገ ድረስ ብቻ ነው።

ሶማሊያም መሣሪያ ፈለገች። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ምዕራቡ ዓለም ነበር። ምዕራባውያን ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን፣ ለአነስተኛ ጦር የሚበቃ እርዳታ እንስጥሽ አሏት። ኢትዮጵያን ማስቀየም አልፈለጉማ። በ1956 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት መጣችና 30 ሚሊዮን ዶላርና 10 ሺህ ሰው ያለው ጦር አለቻት። ሶማሊያ ተቀበለች። ያኔ ሶሻሊስት አልነበረችም፤ በምርጫ የምትተዳደር አገር ነበረች። ጄኔራል ዚያድ ባሬ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት ከዚያ ስድስት ዓመት ቆይተው፣ ጥቅምት 1962 ዓ.ም. ላይ ነው። ሶሻሊዝምን ያወጁት ደግሞ ሌላ ዓመት ቆይተው ነው። መጀመሪያ ታንኩ መጣ፣ ርዕዮቱ በኋላ ተከተለ።

ሶቪየቶችም በነጻ አልሰጡም። የእነሱ አንቴና በርበራ ነበረች። ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ወደብ፣ የሚሳይል ማከማቻ፣ የመገናኛ ጣቢያና ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ሠሩ። ሐምሌ 1966 ዓ.ም. ላይ የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሶማሊያ 250 ያህል ታንክ ነበራት። ከሕዝቧ ቁጥር ጋር ስታስተያዩት የሚያስደነግጥ ነው። ከብት አርቢ የሆነ ድሃ አገር በራሱ ገንዘብ ይህን ያህል ታንክ በሃምሳ ዓመትም አይገዛም።

ቀዝቃዛው ጦርነት የመጀመሪያ ሥራውን የሠራው እዚህ ላይ ነው። በ1956 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ተዋግተው ነበር። ያ ግጭት አጭርና ትንሽ ነበር፤ የአፍሪካ አገሮች ገብተው አበረዱት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ካይሮ ተሰብስቦ ከቅኝ ግዛት የተወረሰ ድንበር እንዳይነካ ወሰነ። ሶማሊያ ውሳኔውን አልተቀበለችም። ይህን ውሳኔ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ከ13 ዓመት በኋላ ያው ጠብ ሲነሳ ግን ታንክና ጄት ይዞ ነው የመጣው።

በመሐሉ አብዮቱ ፈነዳ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። ደርግ እርስ በርሱ እየተባላ፣ ኤርትራ ላይ እየተዋጋ፣ መሣሪያ እንደ ውኃ ይጠማው ጀመር። አሜሪካኖች መጀመሪያ ላይ መሸጣቸውን አላቆሙም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ዘመናዊዎቹ ኤፍ-5ኢ አውሮፕላኖች የመጡት ከአብዮቱ በኋላ ነው። ቃኘው ግን ዋጋው እየወረደ ነበር። የሬዲዮውን ሥራ ሳተላይት እየተረከበው ነው፤ ሕንድ ውቅያኖስ መሐል ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ ሌላ ጣቢያ ተሠርቷል። ውሉም 1970 ላይ ያልቃል። አንቴናው ካላስፈለገ ወዳጅነቱስ?

ደርጎቹ ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። ታኅሣሥ 1969 ላይ ሞስኮ ሄደው በምስጢር የመሣሪያ ስምምነት ፈረሙ። ጥር 26 ቀን መንግሥቱ ኃይለማርያም ተፎካካሪዎቻቸውን ገድለው ብቻቸውን ወጡ። በየካቲት ፕሬዚዳንት ካርተር በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ ቀነሱ። ሚያዝያ 15 ቀን ደርግ ቃኘውን ጨምሮ የአሜሪካ ጽሕፈት ቤቶችን ዘግታችሁ ውጡ አለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንግሥቱ ሞስኮ ላይ ነበሩ።

ሞስኮ አሁን ሁለት ወዳጅ አገኘች፤ ሁለቱ ወዳጆች ግን እሳትና ጭድ ናቸው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? ሶቪየቶች ሁለቱንም ባላ ለመያዝ ሞከሩ። መጋቢት 1969 ላይ ፊደል ካስትሮ መንግሥቱንና ዚያድ ባሬን ኤደን ላይ አስቀምጠው አንድ የሶሻሊስት ፌዴሬሽን መሥርቱ አሏቸው። ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ደቡብ የመንና ጅቡቲ በአንድ ላይ። ወረቀት ላይ ያምራል። ዚያድ ባሬ መጀመሪያ ኦጋዴን ይሰጠኝ አሉ፤ ስብሰባው በዚያው ቀረ። ለካስትሮ የመደብ ጥያቄ ከጎሣና ከድንበር ይቀድማል። እዚያ ለተቀመጡት ለሁለቱ ወታደሮች ግን አይቀድምም ነበር።

ዚያድ ባሬ ጊዜው ያመልጠኛል ብለው ፈሩ። ኢትዮጵያ የውስጥ ጦርነትና ቀይ ሽብር ውስጥ ናት፣ አሜሪካን አባርራለች፣ የሶቪየት መሣሪያ ገና በደንብ አልገባላትም። በዚያ ላይ ከዋሽንግተን አንድ ፍንጭ ሰሙ። ሐምሌ 1969 ላይ አሜሪካ ለሶማሊያ የመከላከያ መሣሪያ ለመስጠት «በመርህ ደረጃ» መስማማቷን አሳወቀች። ዲፕሎማት ይህን ሲሰማ «ገና ነው» ብሎ ይረዳዋል። ለጦርነት የተዘጋጀ ሰው ግን «ግፋ በለው» ብሎ ቢሰማው አይፈረድበትም። የሶማሊያ መደበኛ ጦር ከምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባር ታጣቂዎች ጋር ሆኖ በዚያው በሐምሌ ድንበር ተሻገረ። አሜሪካም የሆነውን ስታይ ቃሏን መልሳ ዋጠች።

ጎዴ በሐምሌ ወደቀች። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ደጅ ደረሱ፤ እዚያ ተመለሱ። ጅጅጋ ግን በአዲስ ዓመት ሰሞን፣ መስከረም 1970 መጀመሪያ ላይ ተያዘች። ከጅጅጋ ወደ ሐረር ሲወጣ መንገዱ የሚሾልከው በካራማራ ተራራ በኩል ነው። ያን በር የያዘ ሰው ከታች የሚመጣውን ሁሉ ከላይ ሆኖ ይቆጥራል። የሶማሊያ ጦር ያዘው። አብዛኛው ኦጋዴን በእጁ ነበር።

ያኔ ሶቪየቶች ምን ያደርጉ ነበር? ሶማሊያ ውስጥ ከሺህ በላይ አማካሪዎች ነበሯቸው። ወረራውን ማስቆም ግን አልቻሉም። የውክልና ጦርነት ሲባል ሰው የሚስለው ሥዕል ገመድ የሚጎትት አሻንጉሊት አጫዋች ነው። ኦጋዴን ላይ አሻንጉሊቱ ራሱ ተነሥቶ ሄደ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዚያድ ባሬ ሞስኮ ድረስ ሄደው ተጨማሪ መሣሪያ ቢለምኑ የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭ ሳያነጋግሯቸው ተመለሱ።

ገመዱ ሌላ ቦታ ነበር። ገመዱ ያለው መለዋወጫና ጥይት ላይ ነው።

ይህን ለማየት ጠመንጃ ላይ እናተኩር። የኢትዮጵያ ወታደር ለዓመታት የተሸከመው የአሜሪካውን ኤም ዋን ነበር። የጥይቱ ውፍረት 7.62 ሚሊ ሜትር ነው። የሶቪየቱ ክላሽንኮቭም 7.62 ነው። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ አንዱ ለሌላው የሚሆን ይመስላል። ግን የኤም ዋን ቀለህ 63 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የክላሹ 39 ነው። አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም። ታንኩም ያው ነው። የአሜሪካው ኤም-47 መድፍ 90 ሚሊ ሜትር፣ የሶቪየቱ ቲ-55 መድፍ 100 ሚሊ ሜትር። ያኛው በአምስት ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ይኸኛው በአራት። ስለዚህ አገር ወዳጅ ሲለውጥ ባንዲራ ብቻ አይደለም የሚለውጠው። መጋዘኑን፣ መካኒኩን፣ የሥልጠና መጽሐፉን፣ የወታደሩን የእጅ ልማድ ሳይቀር ነው። ያ ደግሞ ወራት ይፈጃል። እነዚያ ወራት ለኢትዮጵያ በጣም አደገኛዎቹ ነበሩ፤ የአሜሪካው እያለቀ፣ የሶቪየቱ ገና እየመጣ።

አውሮፕላኑ ላይ ነገሩ ይብሳል። ጄት በበረረ ቁጥር የሚቀየር ዕቃ አለው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል አሜሪካ በሠለጠኑ አብራሪዎችና በእነዚያው ኤፍ-5ዎች የሶማሊያን ሚግ-21 እየጣለ የሰማዩን የበላይነት ያዘ። አሜሪካ ግን መለዋወጫውን ዘግታለች። ከጀርባ የረዳችው እስራኤል ናት፤ የቀይ ባሕር ዳርቻ በሙሉ በዐረቦች እንዳይያዝ ስለፈለገች ለደርግ በምስጢር መሣሪያ ትሰጥ ነበር። ምስጢሩን የእስራኤሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን ራሳቸው የካቲት 1970 አካባቢ በአደባባይ ተናገሩት። ደርግ በጣም አፈረ። አስቡት፤ በአንድ ግንባር የሶቪየት አማካሪና የእስራኤል መሣሪያ። ሶማሊያንም በሌላ በኩል ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ግብፅና የኢራኑ ሻህ ይረዱ ነበር። ሁለት ጎራ ብቻ ነበር የሚለው የትምህርት ቤት ታሪክ እዚህ ላይ አይሠራም።

ዚያድ ባሬ ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. ቁርጡን አደረጉ። የወዳጅነት ውሉን ቀደዱ፣ ሶቪየቶቹን አስወጡ፣ ከኩባ ጋርም ግንኙነት አቋረጡ። አሜሪካ ትተካልኛለች ብለው ነበር። አልተካችም። እዚህ ላይ ነው የካይሮው ውሳኔ የሚመጣው። ለአፍሪካ መንግሥታት ሶማሊያ ድንበር ጥሳ የገባች ወራሪ ናት። አሜሪካ ሶማሊያን በግልጽ ካስታጠቀች አፍሪካን በሙሉ ታስቀይማለች፤ የራሷ ወዳጅ ኬንያ እንኳ ከኢትዮጵያ ጎን ነበረች። ሶቪየትና ኩባ በአንጻሩ «የተወረረን አገር ነው የምንረዳው» ማለት ቻሉ። ዚያድ ባሬ ከሁለት ያጣ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የአቅርቦት ጉዳይ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ሶቪየቶች በግዙፍ አውሮፕላኖችና በመርከብ መሣሪያ ማጓጓዝ ያዙ። የሁሉም ዋጋ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። አሜሪካ በ24 ዓመት የሰጠችውን ከሦስት እጥፍ በላይ፣ በጥቂት ወራት ማለት ነው። ከ12 ሺህ እስከ 15 ሺህ የሚሆኑ የኩባ ወታደሮች መጡ። ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ የሚባሉ ከፍተኛ የሶቪየት መኮንን የዘመቻውን ዕቅድ መሩ። ሶማሊያ የነበሩት አንዳንድ አማካሪዎችም ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ፤ ትናንት ራሳቸው ያሠለጠኑትን ጦር ዛሬ እንዴት እንደሚመታ ያሳያሉ። በሰውስ በኩል? ኢትዮጵያ በታጠቅ ጦር ሰፈር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የገበሬ ሚሊሺያ አሠልጥና ነበር። በቁጥር ከማንም በላይ የተዋጋውና የሞተው እሱ ነው። ስለ ኃያላኑ ስናወራ ይህ ሰው ይረሳል።

የሶማሊያ ጦር በበኩሉ ደረቀ። ሐረርን ከበበ እንጂ መያዝ አልቻለም። ዝናቡ መንገዱን አበላሸው፤ የአቅርቦት መስመሩ ከድንበሩ በጣም ርቋል። የተበላሸ ታንክ የሚጠገንበት ዕቃ ከሞስኮ አይመጣም። መጋዘን ውስጥ የነበረው ነው ያለው። ጥር ላይ ሐረርን ለመያዝ ያደረገው የመጨረሻ ሙከራ ከሸፈ። ከዚያ በኋላ ወደፊት አልሄደም።

የካቲት ላይ መልሶ ማጥቃቱ ተጀመረ። ካራማራን ፊት ለፊት መውጣት ብዙ ሰው ያስፈጃል። ስለዚህ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ከሰሜን በኩል ተራራውን ዞረ። ሚ-6 የሚባሉ ግዙፍ ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን አንጠልጥለው ከተራራው ማዶ፣ ከሶማሊያ ጦር ጀርባ አወረዱ። በሩን የሚጠብቀው ጦር ጠላቱ በጓሮ መጣበት። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች። ዛሬ የካራማራ ድል ብለን የምናከብረው ይህን ቀን ነው። ከአራት ቀን በኋላ ዚያድ ባሬ ጦራቸውን እንደሚያስወጡ አስታወቁ።

ኢትዮጵያ ድንበሩን ተሻግራ ለምን ወደ ሐርጌሳ አልሄደችም? ያን ሰሞን የአሜሪካ መልእክተኞች አዲስ አበባ መጥተው ድንበር እንዳይታለፍ ጠይቀው ነበር፤ መንግሥቱም አላልፍም ብለው ቃል ሰጡ። ሶቪየቶችም ከዚያ በላይ እንዲሄድ አልፈለጉም። የቀዝቃዛው ጦርነት ሌላው ጠባዩ ይህ ነው። ጦርነቱን ያሳድገዋል፣ ግን ጣሪያም ያበጅለታል። ትልልቆቹ ፊት ለፊት እንዳይጋጩ ትንንሾቹ ከተወሰነ መስመር አያልፉም። እንደዚያም ሆኖ ነገሩ ትልልቆቹን ራሳቸውን ነካ። የካርተር የደኅንነት አማካሪ የነበሩት ብሬዥንስኪ፣ የሁለቱ ኃያላን የኑክሌር መሣሪያ ገደብ ስምምነት የተቀበረው ኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ነው ብለዋል። ማጋነን አለበት፤ ግን እንዲህ ያሰቡት ዋሽንግተን ውስጥ እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

ኩባን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ኩባ የሞስኮ ተላላኪ ነበረች የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ያለ ሶቪየት አውሮፕላንና ነዳጅ ጦሯን እዚህ አታደርስም፤ ይህ ልክ ነው። ግን ደርግ ያንን ጦር ወደ ኤርትራ ጦርነትም ሊያስገባው ሲፈልግ ካስትሮ አልገባም አሉ። ኩባ ከአብዮቱ በፊት የኤርትራን ተዋጊዎች ትረዳ ነበርና። ተላላኪ ቢሆኑ ይህን አይሉም። የሶቪየቱ መሣሪያ ግን ካራማራ እንዳለቀ በዚያው ዓመት ወደ ኤርትራ ዞረ። ለአንድ ጠብ የመጣ ታንክ ያ ጠብ ሲያልቅ ተጭኖ አይመለስም።

ከሁሉም የሚገርመው ማሳረጊያው ነው። ነሐሴ 1972 ዓ.ም. ላይ አሜሪካ ከዚያድ ባሬ ጋር ተፈራረመችና በርበራን ለመጠቀም ፈቃድ አገኘች። ሶቪየቶች በሠሩት ማኮብኮቢያ ላይ የአሜሪካ አውሮፕላን ያርፍ ጀመር። በኢራን አብዮትና በአፍጋኒስታን ምክንያት ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ቦታ ፈልጋ ነበር፤ የሶማሊያ ሶሻሊዝም ትዝም አላላትም። ሁለቱ ኃያላን ቤት ተለዋወጡ። ኦጋዴን ግን ባለበት ነው።

ቤቱ ሲቀየር ዕዳው ለነዋሪው ቀረ። ከኦጋዴን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሶማሊያ ተሰደደ። መንግሥት ብዙዎቹን ሰሜን ውስጥ፣ የኢሳቅ ጎሣ በሚኖርበት አካባቢ አሰፈረ። መሬቱም፣ እርዳታውም፣ ጠመንጃውም መጣላት አመጣ። ሽንፈቱ ራሱ የጦር መኮንኖቹን ከፋፈላቸው። በሚያዝያ 1970 የከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፤ ካመለጡት አንዱ ኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ ኢትዮጵያ ገብተው ተቃዋሚ ጦር አቋቋሙ። ሰውየው በኋላ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የሰሜኑ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄም ሰፈሩን ኢትዮጵያ ውስጥ አደረገ። ዚያድ ባሬም በተራቸው የኢትዮጵያን ተቃዋሚዎች ያስጠልላሉ። አሁን ውክልናው ወደ ታች ወረደ። ሁለቱ ድሃ አገሮች እርስ በርሳቸው ተወካይ ይቀጥሩ ጀመር።

መጋቢት 1980 ዓ.ም. ላይ ሁለቱም ደከማቸው። መንግሥቱ ኤርትራ ውስጥ አፋቤትን አጥተው ጦር ያስፈልጋቸዋል፤ ዚያድ ባሬም ቤታቸው እየነደደ ነው። እርስ በርስ ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። የሰሜኑ ንቅናቄ ከኢትዮጵያ እንደሚባረር ሲያውቅ ሁሉን ይዞ ወደ አገሩ ገባ። ግንቦት ላይ ቡራኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ መልስ አውሮፕላን ነበር። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ነው። ትንሽ ዞር ይሉና ከተማዋን ይደበድባሉ፤ ተመልሰው እዚያው ያርፋሉ። አብዛኛውን ቤቷን አፈራረሱት፤ ሕዝቧ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ያ የኦጋዴን ጦርነት ስደተኛ የሄደበት መንገድ ነው፣ ወደ ኋላ።

ጥር 1983 ላይ ዚያድ ባሬ ሞቃዲሾን ለቅቀው ወጡ። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ከአዲስ አበባ በረሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ልትፈርስ ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር።

የበርበራ ማኮብኮቢያ እስከ ዛሬ አለ። ወደቡን አሁን የሚያስተዳድረው የዱባይ ኩባንያ ነው። ሐርጌሳ መሐል ከተማ የሄደ ሰው ደግሞ አንድ ሚግ አውሮፕላን ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ተሰቅሎ ያያል። በ1980 ከተማዋን ሲደበድቡ ከወደቁት አንዱ ነው። ለኦጋዴን ተብሎ የመጣ የሶቪየት ሥሪት ነው። ከሥሩ ሴቶች ጥላ ዘርግተው ገንዘብ ይመነዝራሉ፣ ሻይ ይሸጣሉ፤ ሰው ሲቀጣጠር «ሚጉ ጋ እንገናኝ» ይባባላል።